ሙቀጫው ከላይ፣ ቴሌቪዥኑ ከጎን፦ ለየትኛው ድምፅ የትኛው መላ ይሻላል?

ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሥራ ተጠራሁ። ባለቤቱ አስተማሪ ነው፤ ማታ ማታ ፈተና ያርማል። «ይህን ግድግዳ በፎም ሸፍንልኝ፣ አልቻልኩም» አለኝ። ፎሙን ገዝቶ ጨርሷል። ነጩ፣ ሲነኩት የሚፈረፈረው ፎም ሳሎኑ ጥግ ላይ ተደርድሮ ይጠብቀኛል።

ሥራዬ የቤት ማጠናቀቂያ ነው። ልስን፣ ጂብሰም፣ ወለል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም ይመጣልኛል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ምን ልለጥፍ?» ብሎ ነው። የሚቀድመው ግን «ድምፁ በየት በኩል ነው የሚገባው?» የሚለው ነው። ስለዚህ ፎሙን ለጊዜው ትተን፣ ሻይ ይዘን፣ ዝም ብለን ማዳመጥ ጀመርን።

ከጎን የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። ዜናው ቃል በቃል ይገባል፤ ርዕሱን እንኳ መጻፍ ይቻላል። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ቡና መወቀጥ ጀመረ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። «ይኸው፣ በቀን ሁለቴ ነው» አለኝ።

እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ አይደሉም። የቴሌቪዥኑ መጀመሪያ አየሩን ያንቀጠቅጣል፤ አየሩ ግድግዳውን፣ ግድግዳው ደግሞ በዚህኛው ክፍል ያለውን አየር። የሙቀጫው ግን አየር አይጠብቅም። በቀጥታ ሶሌታውን ይመታል፤ ሶሌታው እንደ ከበሮ ቆዳ ወደ ታች ያወርደዋል፤ በቢሙና በኮለኑም ይጓዛል። ለአንዱ የሚሠራው መላ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ገንዘብ የሚባክነውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

መለኪያችንን እንስማማ። ድምፅ በዴሲቤል ይለካል። 3 ዴሲቤል ቢቀንስ ጆሮ ልዩነቱን በጭንቅ ነው የሚለየው። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ግን ድምፁ ግማሽ ያህል የሆነ ይመስላል። ከዚህ በታች «ጥቅሙ ይህን ያህል ነው» ስል በዚህ ሚዛን ያዙት። የብር ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም።

ግድግዳው፦ ከምርጫው በፊት ቀዳዳው

አንድ ቀላል ብልሃት አለ። የጎረቤት ንግግር ቃሉ ተለይቶ ከተሰማ፣ ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቃሉ ሳይለይ ጉምጉምታ ብቻ ከመጣ፣ ግድግዳው ራሱ ነው የሚያሳልፈው። «ሰ» እና «ተ»ን የመሰሉ ቀጫጭን ድምፆች ከባድ ግድግዳ ማለፍ ይቸግራቸዋል። ቀዳዳ ካገኙ ግን በደንብ ይሾልካሉ።

የአስተማሪው ቤት ግድግዳ ባለ 15 ሳንቲ ብሎኬት ነው፤ ከሁለቱም ወገን ተለስኗል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር። እንዲህ ያለ ግድግዳ በካሬ ወደ 240 ኪሎ ይመዝናል። በደንብ ከተሠራ ከ45 እስከ 48 ዴሲቤል ያህል ይይዛል። በዚህ ልክ ዜና ቃል በቃል ሊሰማ አይገባም ነበር። ስለዚህ ጣሪያው ሥር መፈለግ ጀመርኩ።

ሳሎኑ ከሶሌታው ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ኮርኒስ አለው። አንዱን ክፍል አንስቼ በባትሪ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ልሳኙ ኮርኒሱ የሚመጣበት ቦታ ድረስ ለስኖ አቁሟል። ከዚያ በላይ ብሎኬቱ ራቁቱን ነው። የመጨረሻው ረድፍ ብሎኬትና ቢሙ መካከልም የጣት ውፍረት የሚያህል ክፍተት አለ። ማን ያየዋል? ኮርኒስ ይሸፍነዋላ። ዕጣን አጭሼ ወደ ክፍተቱ ስጠጋ ጭሱ ወደ ጎረቤት ተሳበ።

ሒሳቡን እንሥራው። 1 ሳንቲ ክፍተት በ4 ሜትር ርዝመት 0.04 ካሬ ሜትር ነው። ግድግዳው በጠቅላላ 11.2 ካሬ ነው። ክፍተቱ የግድግዳውን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ግማሹንም አይሞላ። ነገር ግን ክፍት በመሆኑ ብቻ ግድግዳውን ከ48 ወደ 24 ዴሲቤል አካባቢ ያወርደዋል። ክፍተቱ ወደ 1 ሚሊ ቢጠብ እንኳ ከ34 አያልፍም። ኮርኒሱ ትንሽ ይይዘዋል፤ ብዙ ግን አይደለም። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ፎም ለጥፎ መጨረስ ማለት የተቀደደ ባልዲ ቀለም እንደ መቀባት ነው።

መድፈኑ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ክፍተቱን በሲሚንቶና አሸዋ ጠልቆ እስኪገባ መሙላት፣ ራቁቱን ብሎኬት መለሰን፣ ከቢሙ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ደግሞ በሲሊከን መዝጋት። ሲሊከኑ የሚያስፈልገው ሶሌታ በክብደት ትንሽ ስለሚረግብ ነው፤ ልስን ብቻ ከሆነ በዓመቱ ይሰነጠቃል፤ ያው ክፍተት ይመለሳል። ተነፍቶ የሚደርቀው ፎም ብቻውን ቀላል ስለሆነ በላዩ ልስን ካልመጣበት አልመክረውም። ሌላው ማየት ያለባችሁ ሶኬት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የሁለቱ ጎረቤቶች ሶኬት ጀርባ ለጀርባ ይገጠማል፤ መሀላቸው ያለው የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ብቻ ነው። ሣጥኑን አውጥቶ ከኋላው በሲሚንቶ መሙላት ነው፤ መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት ሳይረሳ።

ደፍነን ስንጨርስ ቴሌቪዥኑ ጠፋ ወይ? አልጠፋም። ዜናው ግን ወደ ጉምጉምታ ወረደ። ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ክብደት፣ ማላቀቅ ወይስ መምጠጥ?

ድምፅን የሚያቆሙ ሦስት መንገዶች አሉ። ግድግዳውን ማክበድ፣ ሁለቱን ገጽ እርስ በርስ ማላቀቅ፣ ለስላሳ ነገር ተጠቅሞ መምጠጥ።

ክብደት መጀመሪያ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው ነው። «ልስኑን ላወፍረው?» ይሉኛል። ክብደት ሲታጠፍ 5 ወይም 6 ዴሲቤል ይገኛል፤ ችግሩ «ሲታጠፍ» የሚለው ቃል ነው። ሌላ 2 ሳንቲ ልስን በካሬ 40 ኪሎ ይጨምራል፤ 240 የነበረው 280 ይሆናል። ጥቅሙ አንድ ዴሲቤል ገደማ። ማንም አይሰማውም። ሙሉ ለሙሉ ለማጠፍ ሌላ ግድግዳ መገንባት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ወደ 2,700 ኪሎ ነው። በአንድ ሜትር ርዝመት ወደ 670 ኪሎ ማለት ነው፤ ብሎኬት የተሞላበት ሪብ ሶሌታ ደግሞ ለዚህ አልታሰበም። መሐንዲስ ሳያይ እንዳትነኩት። ቀድሞ ከባድ የሆነን ግድግዳ ማክበድ ውድና ደካማ ምርጫ ነው። ግድግዳው ቺፑድ ወይም ነጠላ ጂብሰም ቢሆን ግን ፍርዴ ይለወጥ ነበር።

መምጠጥ ብቻውን የጎረቤትን ድምፅ አያቆምም። ስፖንጅ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ የእንቁላል ካርቶን፣ ሁሉም የሚሠሩት ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት መቀነስ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያያችሁት ስፖንጅ ለዚህ ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ አይደለም። ባዶ ክፍል ውስጥ ምንጣፍና መጋረጃ ጨምራችሁ መምጠጡን እጥፍ ብታደርጉት 3 ዴሲቤል ታገኛላችሁ። የመምጠጥ ትክክለኛ ቦታው በሁለት ገጾች መካከል ነው፤ እዚያ እመጣለሁ።

ያ ነጩ ፎምስ? እሱ አይመጥጥም እንኳን። በውስጡ ያለው አየር ተዘግቶ የተቀመጠ ነው፤ ደረቅም ነው። በግድግዳው ላይ አጣብቀው ጂብሰም ሲደርቡበት ፎሙ እንደ ጠንካራ ስፕሪንግ ይሆናል። ግድግዳው፣ ስፕሪንጉና ቦርዱ አብረው የሚርገበገቡበት አንድ ድምፅ ይፈጠራል። በ3 ሳንቲ ፎምና በአንድ ቦርድ ይህ የሚወድቀው ወደ 600 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 600 ንዝረት አካባቢ ነው፤ ልክ የሰው ንግግር መሀል። እዚያ ላይ ግድግዳው ከቀድሞው ይብሳል። ከፍሎ ጎረቤቱን የበለጠ የሰማ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ አይቻለሁ። መጀመሪያ እኔን ነበር የወቀሰው። ሥራው የእኔ አልነበረም።

የቀረው ማላቀቅ ነው። ከግድግዳው ፊት ለፊት ራሱን ችሎ የሚቆም የብረት ፍሬም። ከታች ወለሉ ላይ፣ ከላይ ሶሌታው ላይ ይያዛል፤ ግድግዳውን ግን አይነካም። 1 ሳንቲ ርቆ ይቆማል። ባለ 5 ሳንቲ ፍሬሙ ውስጥ ሮክ ዉል ወይም ፋይበር ግላስ ይገባል፤ መምጠጥ ቦታው ይኸው ነው። በላዩ 12.5 ሚሊ ጂብሰም ቦርድ፣ ሁለት ድርብ፣ መጋጠሚያቸው እንዳይገጣጠም ተደርጎ። ጠቅላላ ውፍረቱ 9 ሳንቲ ያህል ነው። ክብደቱ በካሬ 20 ኪሎ ገደማ፤ ለሙሉ ግድግዳው 225 ኪሎ። ከ2,700 ጋር አወዳድሩት።

ጥቅሙ በጥሩ እጅ ከተሠራ ከ10 እስከ 15 ዴሲቤል ነው። ክፍተቱ ሰፊ፣ ቦርዱ ከባድ ሲሆን ያ የሚርገበገበው ድምፅ ወደ 55 ኸርዝ ይወርዳል፤ ንግግር እዚያ የለም። ሰው ቦታ ለመቆጠብ ሲል በ2 ሳንቲ እንጨት ላይ አንድ ቦርድ ይመታል፤ ያኔ ወደ 130 ኸርዝ ይወጣል። የወንድ ድምፅና የሙዚቃ ባስ የሚኖሩበት ቦታ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ማላቀቅ» የሚባል ነገር የለም። ወይ በደንብ ይላቀቃል፣ ወይ ባይነካ ይሻላል።

የሚበላሸው እንዴት ነው? ፍሬሙ ሲወዛወዝ ሠራተኛው አንድ ብሎን ወደ ብሎኬቱ ይመታል። በቃ፣ ተያያዘ። ወይም የሲሚንቶ ፍርፋሪ ከኋላ ይወድቅና ድልድይ ይሠራል። ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ቆማችሁ በባትሪ እዩ። ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በጣት መገጣጠሚያ እያንኳኳችሁ ሂዱ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ በድንገት ደረቅ ካለ እዚያ የነካ ነገር አለ።

አንድ የኮምቦልቻ ማስጠንቀቂያ። ደሴ ብርድ ነው፤ መስኮት ተዘግቶ ይታደራል፤ ቤቱ ጸጥ ስለሚል የጎረቤት ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ነው፤ ሰው መስኮት ከፍቶ ያመሻል። ያኔ ድምፁ በአንዱ መስኮት ወጥቶ በሌላው ይገባል፤ ግድግዳው ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ሥራ ይፈታል። ከመክፈላችሁ በፊት መስኮቱን ዘግታችሁም ከፍታችሁም አዳምጡ። ልዩነት ከሌለ ግድግዳው ነው፤ ሲዘጋ ድምፁ በጣም ከቀነሰ በመስኮቱ ነው የሚገባው።

ወለሉ፦ ከላይ ወይስ ከታች?

ወደ ሙቀጫው እንምጣ። አስተማሪው «እኔ ቤት ኮርኒሱን በሮክ ዉል ብሞላውስ?» አለኝ። ጥያቄው ይገባኛል፤ ሰው በራሱ ቤት ነው የሚያዝዘው። ግን ምት ከላይ ወደ ሶሌታው ከገባ በኋላ በአራቱም ግድግዳ ይወርዳል። ኮርኒስ የሚሸፍነው አንዱን ገጽ ብቻ ነው። የተላቀቀ፣ ድርብ ቦርድ ያለው ጥሩ ኮርኒስ በቀጥታ የሚወርደውን ይቀንሳል፤ በግድግዳ ዞሮ የሚመጣውን ግን አይነካም። ብዙ ብር ከፍለው መጠነኛ ለውጥ ያገኛሉ። ምት የሚሸነፈው የሚመታበት ቦታ ላይ ነው፤ ያ ማለት የላይኛው ሰው ቤት።

እዚያ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ለስላሳ ልባስ ነው። ከሥሩ ስፖንጅ ያለው ወፍራም ምንጣፍ ለወንበር መጎተት፣ ለጫማ፣ ለወደቀ ማንኪያ በጣም ጥሩ ነው፤ በመለኪያ 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሚቀንስ አለ። ደሴ ውስጥ ስጋጃ የሌለበት ቤት ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ሕፃን ሲዘል የሚወርደውን ድብ ድብታ ግን ምንጣፍ ብዙም አይቀንሰውም። የቴሌቪዥን ድምፅንም አያግድም።

ሁለተኛው ተንሳፋፊ ወለል ነው። ሶሌታው ላይ ለስላሳ ንጣፍ፣ በላዩ 5 ሳንቲ የሲሚንቶ ቅብ፣ ከዚያ ሴራሚክ። ቅቡ ሶሌታውንም ግድግዳውንም ሳይነካ ይተኛል። ንጣፉ 5 ሚሊ የፕላስቲክ ስፖንጅ ከሆነ 18 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ 2 ወይም 3 ሳንቲ ለወለል የተሠራ ጠንከር ያለ ሮክ ዉል ከሆነ ወደ 28 ይጠጋል። ለግድግዳ የሚሆነው ለስላሳው ግን እዚህ አይሆንም፤ ይጨፈለቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሁን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እየተገነባ ያለ አፓርታማ ካላችሁ፣ የሲሚንቶ ቅቡ እንደሆነ መደረጉ አይቀርም። ሲሚንቶው ያው፣ አሸዋው ያው፣ ክብደቱም በካሬ 100 ኪሎ ያው ነው። የሚጨመረው ንጣፉና የአንድ ቀን ጥንቃቄ ብቻ ነው። ካለቀ በኋላ ግን ሴራሚክ መስበር፣ ቅቡን መቆፈር፣ በር መቁረጥ ይመጣል። በዝርዝሬ ውስጥ ካሉት ሁሉ በጊዜው ከተደረገ ርካሹ፣ ካለፈ በኋላ ውዱ ይኸ ነው።

ጥንቃቄው ዳር ላይ ነው። ንጣፉ በየግድግዳው 10 ሳንቲ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ መደራረቢያው በሚለጠፍ ፕላስተር ይታሸጋል፤ በላዩ ላስቲክ ይዘረጋል። ካልሆነ እርጥቡ ሲሚንቶ በስንጥቁ ወርዶ ከሶሌታው ጋር ይያያዛል። መዳፍ የሚያህል አንድ ድልድይ ትልቁን ጥቅም ይበላል። የተረፈው ጠርዝ የሚቆረጠው ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ነው። ዞኮሎውም ሴራሚኩን መንካት የለበትም፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ትቶ በሲሊከን መሙላት። በልምዴ ሥራውን በብዛት የሚያበላሸው ዞኮሎ ነው፤ ሠራተኛው ለማማር ሲል አስጠግቶ በሲሚንቶ ያጣብቀዋል። ለመመርመር አንድ ሰው ከታች ሆኖ ያዳምጥ፤ እናንተ ከላይ በመዶሻ እጀታ ጥግ ጥጉን አንኳኩ። ጎልቶ የተሰማበት ቦታ ተያይዟል።

የአስተማሪው ምርጫ

ሙቀጫውን በተመለከተ አብረን ወደ ላይ ወጣን። እትዬ በሩን ከፍተው «ግቡ፣ ቡናው ደርሷል» አሉን። አስተማሪው እያፈረ ነገራቸው። «ልጄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸን ይዘህ ዝም አልክ?» አሉት። ሙቀጫው ባዶ ሴራሚክ ላይ፣ ክፍሉ መሀል ነበር የሚቀመጠው።

ከመኪና የውስጥ ጎማ አራት ድርብ ቆርጠን አነጠፍን። በላዩ 15 ኪሎ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ ሙቀጫው። ድንጋዩ የተጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎማ ብቻውን ሲሆን በሙቀጫው ምት ተጨፍልቆ ይደርቃል። በላዩ ክብደት ሲኖር ግን ምቱ መጀመሪያ ድንጋዩን ማንቀሳቀስ አለበት። ከመሀል አንሥተንም ቢም ወዳለበት ጥግ ወሰድነው፤ እዚያ ወለሉ ጠንካራ ስለሆነ አይርገበገብም። ድንጋዩ ግድግዳውን እንዳይነካ ሁለት ጣት አራቅነው። ታች ወርደን ስናዳምጥ ዱምታው ወደ ቶክታ ተለውጧል። በሩ ከተዘጋ አይሰማም ማለት ይቻላል። ለሁሉም የወጣው ከፎሙ ዋጋ ያነሰ ነበር።

ለግድግዳው የተላቀቀውን ፍሬም መረጥን፤ ፈተና የሚያርምበት ክፍል ላይ ብቻ። ሳሎኑ ላይ ቀዳዳውን መድፈን በቂ ሆኖ አገኘው፤ 9 ሳንቲ ማጣትም አልፈለገም። አሁን ከጎረቤት የሚሰማው ኳስ ጨዋታ ላይ ጎል ሲገባ ብቻ ነው።

ያልተፈታው የእትዬ የልጅ ልጆች ሩጫ ነው። ድብ ድብታው ስጋጃውን አልፎ ይወርዳል። እሳቸው ሴራሚኩን ሊቀይሩ አስበዋል፤ ሲነሣ ንጣፉን ከሥር ለማስገባት ተስማምተናል። ፎሙ ግን እስካሁን ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው። ሱቁ አልመልስም ብሏል።